ከዜሮ የማይነሳ ግራፍ፦ የተቆረጠ ቋሚ ዘንግ ለውጥን እንዴት እንደሚያገንን

በሃዋይ ደሴቶች በሚገኘው የማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ለአሥርት ዓመታት ሲለካ የኖረ ጣቢያ አለ። ልኬቱን በ1958 የጀመረው ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተሰበሰቡትን ቁጥሮች የሚያሳየው የመስመር ግራፍም በስሙ የኪሊንግ ከርቭ ተብሎ ይጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግራፉ በመማሪያ መጻሕፍትና በዜና ዘገባዎች ሲታተም ቋሚው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ310 ገደማ ነው። መስመሩም ከግራ ታችኛው ጥግ ተነስቶ እስከ ቀኝ ላይኛው ጥግ ድረስ ሽቅብ ይወጣል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ነገሩም በእርግጥ አሳሳቢ ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥሁትም ለዚህ ነው፤ የዘንግ መቆረጥ የሚያመጣውን የዓይን ስሕተት ለማየት የግድ አታላይ ሰው የሠራው ግራፍ መፈለግ አያስፈልግም።

አስቀድመን ቁጥሮቹን እንያቸው። መለኪያው ፒፒኤም ይባላል፤ አንድ ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን የደረቅ አየር ሞለኪውሎች መካከል አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው። በማውና ሎዋ የ1959 ዓመታዊ አማካይ 316 ፒፒኤም ነበር፤ የ2024 ደግሞ 424.6 ሆነ። ጭማሪው 108.6 ፒፒኤም ሲሆን፣ ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር 34 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በ1959 ሦስት እጅ የነበረው ጋዝ በ2024 አራት እጅ ሆኗል።

አሁን ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ እናስቀምጠው። የግራፉ ቁመት 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ቋሚው ዘንግ ከ310 ጀምሮ 430 ላይ ያልቃል። በዚህ ዘንግ ላይ ያለው የቁጥር ስፋት 120 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፒፒኤም በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ይይዛል። የ1959 ነጥብ ከታችኛው መስመር በ6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የ2024 ነጥብ ግን በ114 ሚሊ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ይገኛል። ዓይን ሁለቱን ከፍታዎች ሲያወዳድር የሚያየው አሥራ ዘጠኝ እጥፍ የሆነ ዕድገት ነው። እውነተኛው ዕድገት ግን አንድ ከሦስተኛ እጥፍ ብቻ ነው። በመካከል የጠፋው ነገር ከግራፉ በታች የተቆረጠውና ያልተሳለው 310 ፒፒኤም ነው፤ በዚሁ ልክ ቢሳል ኖሮ 31 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ወረቀት ይፈልግ ነበር።

ያንኑ መስመር በዚያው 12 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ነገር ግን ከዜሮ እስከ 430 በሚደርስ ዘንግ ብንስለው፣ የ1959 ነጥብ 8.8 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የ2024 ነጥብ ደግሞ 11.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። መስመሩ አሁንም ይወጣል፤ ሆኖም የሚወጣው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የቀድሞው ቀጥ ያለ ዳገት ወደ ለስላሳ ዘንበል ይለወጣል። የዳገቱ ልዩነት በቀላል ስሌት ይገኛል፦ በዘንጉ ላይ ያለውን ከፍተኛ ቁጥር፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቁጥር መካከል ላለው ልዩነት ማካፈል ነው። እዚህ ላይ 430 ለ120 ሲካፈል 3.6 ይሆናል። ግራፉ ከዜሮ ቢነሳ ከሚያሳየው ዳገት 3.6 ጊዜ የበለጠ ቀጥ ያለ ዳገት እያሳየን ነው ማለት ነው። ማንኛውም አንባቢ ዘንጉ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ አይቶ ይህን ማካፈል በቃሉ ሊሠራው ይችላል፤ ውጤቱ ወደ አንድ ከቀረበ መቆረጡ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፣ አሥር ወይም ሃያ ከሆነ ግን በዳገቱ መደንገጥ የሚገባው ቁጥሮቹን ካነበበ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ መቆረጡ ሁሉንም ነገር አያዛባም፤ ምን እንደሚያዛባና ምን እንደማይነካ መለየቱ የጉዳዩ ዋና ፍሬ ነገር ይመስለኛል። ዘንጉን ስንቆርጥ ከእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት መጠን እንቀንሳለን፤ ከዚያም የቀረውን እንለጥጣለን። ከሁሉም እኩል ሲቀነስ በነጥቦቹ መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም፤ ሁሉም በእኩል ሲለጠጥም አንዱ ልዩነት ከሌላው ልዩነት ጋር ያለው ንጽጽር እንዳለ ይቆያል። በማውና ሎዋ በ1960ዎቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓመታዊ ጭማሪ ከአንድ ፒፒኤም በታች ነበር፤ በቅርቡ አሥር ዓመት ግን በአማካይ ወደ 2.5 ፒፒኤም ደርሷል። ስለዚህ የመስመሩ የቀኝ ጫፍ ከግራው ጫፍ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ዳገት አለው፤ ይህም በተቆረጠው ግራፍም ሆነ ከዜሮ በሚነሳው ግራፍ ላይ እኩል እውነት ነው። «ጭማሪው እየፈጠነ ነው ወይስ እየቀነሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የተቆረጠው ግራፍ ታማኝ ምስክር ነው። የሚያሳስተው «አሁን ያለው መጠን ከድሮው ስንት እጥፍ ነው?» ብሎ በዓይኑ ከፍታን ከከፍታ ጋር ለሚያወዳድር ሰው ነው።

የባር ግራፍና የመስመር ግራፍ በአንድ ሕግ የማይዳኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ባር መጠኑን የሚናገረው በርዝመቱ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ሲቆረጥ የሚናገረው ነገር ራሱ ሐሰት ይሆናል። መስመር ግን በዋናነት የሚናገረው በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው፤ እነዚህም ከዜሮ ርቀው መሳላቸው በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ አብዛኛው አንባቢ መስመርንም እንደ ባር የሚያነብ መሆኑ ነው። ነጥቡ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያያል፣ ወለሉም ባዶ ነው ብሎ ያስባል።

መቆረጥ የሚያገንነው ዕድገትን ብቻ አይደለም። በኪሊንግ ከርቭ ውስጥ ሌላ ትንሽ መስመር አለ፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ ዕፅዋት ሲለመልሙ ከአየሩ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ፤ ቅጠል ሲረግፍና ሲበሰብስ መልሰው ይለቃሉ። ስለዚህ መጠኑ በግንቦት አካባቢ ከፍ ይልና በመስከረም አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ስድስት ፒፒኤም ያህል ነው። ለምሳሌ የሜይ 2023 አማካይ 424 ፒፒኤም ሲሆን የዚያው ዓመት የሴፕቴምበር አማካይ ወደ 418.5 ወርዷል። እስቲ አንድ ሰው እነዚህን አምስት ወራት ብቻ ቆርጦ፣ ቋሚውን ዘንግ ከ418 እስከ 424.5 ድረስ አድርጎ ግራፍ ሠራ እንበል። በዚያው 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ መስመሩ ከ11 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ዓይን የሚያየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሟጥጦ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እውነተኛው ቅናሽ ግን 1.3 በመቶ ብቻ ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ብንጠቀም 424.5 ለ6.5 ሲካፈል 65 ይሆናል። በማግስቱ ዓመት በግንቦት መጠኑ ተመልሶ ከ426 በላይ ደርሷል።

በዚህ ምናባዊ ግራፍ ላይ አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለም። ያሳሳተው ሁለት መቀሶች አንድ ላይ መሥራታቸው ነው፤ አንደኛው ቋሚውን ዘንግ ከሥሩ ቆረጠ፣ ሁለተኛው አግድሙን ዘንግ፣ ማለትም ጊዜውን፣ ከግራና ከቀኝ ቆረጠ። በተግባር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፣ ቁጥሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ደግሞ ዘንጉ አጥብቆ ይቆረጣል። ስለዚህ ዘንጉ በብዙ እንደተለጠጠ ያስተዋለ አንባቢ ቀጥሎ ማየት ያለበት ግራፉ ስንት ጊዜ እንደሚሸፍን ነው። በየዓመቱ ወይም በየወቅቱ የሚመላለስ ነገር፣ ለምሳሌ የእህል ዋጋ ከመኸር በፊትና በኋላ፣ ከአንድ ሙሉ ዑደት ባነሰ ጊዜ ከተሳለ፣ መስመሩ የሚያሳየው የወቅቱን ምልልስ እንጂ ዘላቂ አዝማሚያን አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአብዛኛው ያለ አንዳች ተንኮል ነው፤ ዘንጉን የሚቆርጠው ሶፍትዌሩ ራሱ ነውና። ኤክሴል ዘንጉን በራሱ ሲመርጥ የሚከተለው ቋሚ ሕግ አለው፦ በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ ቁጥር አንድ ስድስተኛ ከበለጠ ዘንጉን ከዜሮ ያስነሳል፤ ካነሰ ግን ከትንሹ ቁጥር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የማውና ሎዋን ዓመታዊ አማካዮች ከ1959 እስከ 2024 ብናስገባ ልዩነቱ 108.6 ነው፤ የ424.6 አንድ ስድስተኛ ደግሞ ወደ 71 ስለሆነ ግራፉ ከዜሮ ይነሳል። ከ2000 ጀምሮ ያሉትን ብቻ ብናስገባ ግን መነሻው 369.7፣ ልዩነቱም 55 ገደማ ስለሚሆን ዘንጉ ይቆረጣል። ውጤቱ የሚያስገርም ነው፦ ትልቁ ጭማሪ በለስላሳ መስመር፣ ግማሹ ጭማሪ ደግሞ በቀጥ ያለ ዳገት ተስሎ ይወጣል። ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ሶፍትዌሩ ያወጣለትን ምስል እንዳለ ከገለበጠ፣ ሳያስበው ውሳኔውን ለዚህ ሕግ አሳልፎ ሰጥቷል። ዘንጉን በእጅ ማስተካከል ከባድ አይደለም፤ በኤክሴል ቋሚውን ዘንግ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ዝቅተኛውን ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው።

በስልክ ላይ የሚታዩ የምንዛሪና የዋጋ ግራፎችም በየጊዜው ዘንጋቸውን እንደ አዲስ ይመርጣሉ፤ ይህም ትናንት ያየነውን ምስል ከዛሬው ጋር በአእምሯችን ስናወዳድር ያሳስተናል። በ2024 የመጀመሪያዎቹ ወራት የአንድ ዶላር ይፋ የባንክ ዋጋ ከ56 ብር አካባቢ ቀስ በቀስ ወደ 57 ብር ተኩል ይጠጋ ነበር። በእነዚያ ወራት የተሠራ፣ ዘንጉ ከ56 እስከ 58 የሆነ ግራፍ፣ ሦስት በመቶ የማይሞላውን ለውጥ ገጹን ሞልቶ እንደሚወጣ ዳገት ያሳያል። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን የጨመረ ግራፍ እስከ 110 ወይም 120 የሚደርስ ዘንግ ያስፈልገዋል፤ በዚህ አዲስ ዘንግ ላይ የቀደሙት ወራት ዳገት ሜዳ ሆኖ ይታያል። ዳገቱ በሁለቱ ግራፎች ላይ ተመሳሳይ ቢመስልም አንደኛው የሳንቲሞች፣ ሁለተኛው የአሥር ብሮች ለውጥ ነው። በኑሮው ላይ የተሰማው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንም ግራፍ አላስፈለገውም፤ ከዘንጉ ቁጥሮች በቀር ግን በምስሎቹ ላይ የሚለያቸው ነገር የለም።

እንግዲህ ሁሉም ግራፍ ከዜሮ ይነሳ ብሎ ማወጅ ይሻላል ወይ? አይሻልም፤ እንዲያውም ከዜሮ መነሳት ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በዲሴምበር 2015 ናሽናል ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ1880 ጀምሮ ያለውን የምድር አማካይ ሙቀት የሚያሳይ ግራፍ በትዊተር አሰራጨ፤ ቋሚው ዘንግ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ተነስቶ እስከ 110 ዲግሪ ፋራናይት ይደርስ ነበር። መስመሩ ፍጹም ሜዳ ይመስል ነበር። በ12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብናስበው፣ በዚህ ዘንግ ላይ የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት መጨመር ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ሰሜናዊው አውሮፓና መላ ካናዳ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ በበረዶ ግግር የተሸፈኑበት ያለፈው የበረዶ ዘመን እንኳ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ሙቀት የሚለየው በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በዚያ ዘንግ ላይ ቢሳል ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ነበር። የአህጉራትን መልክ የለወጠ ነገር በጣት ስፋት የሚታይበት ዘንግ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን መለኪያ አይደለም። በሙቀት መለኪያ ላይ ያለው ዜሮ «ምንም ሙቀት የለም» ማለት ስላልሆነም፣ «ስንት እጥፍ ሞቀ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ትርጉም የለውም። የታካሚን የሰውነት ሙቀት የሚመዘግበው የሆስፒታል ሠንጠረዥም ከ35 ዲግሪ አካባቢ የሚጀምረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከ37 ወደ 39 መውጣት ከዜሮ በሚነሳ ዘንግ ላይ በግልጽ ባልታየ ነበር።

ስለዚህ ከዜሮ መነሳቱን ከመጠየቅ ይልቅ፣ ለውጡ ትልቅ ነው የሚያሰኘው ከምን ጋር ሲመዘን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለኪሊንግ ከርቭ ይህ መመዘኛ ከአንታርክቲካ በረዶ ተገኝቷል። በበረዶው ውስጥ ታስረው የቀሩ የጥንት አየር አረፋዎች እንደሚያሳዩት፣ ባለፉት 800,000 ዓመታት፣ የበረዶ ዘመናት እየመጡ ሲሄዱ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በ180 እና በ300 ፒፒኤም ገደማ መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ የኢንዱስትሪው ዘመን ሲጀምር ደግሞ 280 ገደማ ነበር። በማውና ሎዋ በ65 ዓመት ውስጥ የታየው የ108 ፒፒኤም ጭማሪ በበረዶ ዘመንና በሞቃት ዘመን መካከል ካለው ጠቅላላ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ያወቀ አንባቢ የ34 በመቶ ጭማሪን ሲያይ፣ ግራፉ ከ310 ቢነሳም ከዜሮ ቢነሳም፣ ስለ ክብደቱ የሚሰጠው ፍርድ አይለወጥም። መመዘኛው ያልተነገረው አንባቢ ግን ፍርዱን የሚሰጠው በዳገቱ ነው፤ ዳገቱም የሣዩ ምርጫ ነው። በእኔ እምነት ትክክለኛ ጉዳይ የያዘ ሰው ይህን መመዘኛ በግራፉ አጠገብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ የተቆረጠ ዘንግ ብቻውን የሚፈጥረው ድንጋጤ፣ ነገሩ ከዜሮ ተስሎ በታየ ማግሥት የሚተን ነውና።

ብዙዎች እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡት ዘንጉ በተቆረጠበት ቦታ ላይ የተሰበረ ወይም የተጥመዘመዘ ምልክት ማድረግን ነው። ምልክቱ ጉዳት ባይኖረውም ብዙ መተማመን የሚገባበት አይደለም። ማይክል ኮረል፣ ኤንሪኮ ቤርቲኒና ስቲቨን ፍራንኮነሪ በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ዘንጉ የተቆረጠ ግራፍ ሲያዩ ለውጡን ከፍ አድርገው እንደሚገምቱ፣ ይህም በባር ብቻ ሳይሆን በመስመር ግራፍም ላይ እንደሚታይ፣ መቆረጡን የሚያመለክት ምልክት ቢደረግም ግነቱ እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ዓይን ዳገቱን የሚመዝነው ምልክቱን ካነበበ በኋላ አይደለም። ስለዚህ ከምልክት ይልቅ የሚረዳው የለውጡን መጠን በቁጥር ከመስመሩ ጫፍ አጠገብ መጻፍ ነው፤ «ከ316 ወደ 424.6፣ 34 በመቶ ጭማሪ» የሚል አንድ ሐረግ ይበቃል። ቦታ ካለ ደግሞ ያንኑ መስመር ከዜሮ በሚነሳ ትንሽ ግራፍ ከጎኑ መሳል ይቻላል። አንባቢም እንዲህ ያለ ነገር ካላገኘ በእርሳስ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ የዘንጉን ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ርቀት ለክቶ፣ በዚያው ርቀት ወደ ታች እስከ ዜሮ ድረስ ምልክት እያደረገ መውረድ ነው። እውነተኛው ወለል ብዙ ጊዜ ከገጹ ውጭ፣ አንዳንዴም ከጠረጴዛው ጫፍ አልፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ዘንጉ ላይ ቁጥር ሲኖር፣ ቁጥሮቹም በእኩል ርቀት በእኩል መጠን ሲጨምሩ ነው። እኩል ርቀት ላይ 1፣ 10፣ 100 እያለ የሚሄድ ዘንግ ሎጋሪዝማዊ ነው፤ በእርሱ ላይ እኩል ዳገት ማለት እኩል የመቶኛ ዕድገት ስለሆነ ዜሮ ከቶ የለውም፣ የተባለውም ስሌት አያገለግልም። ቁጥር ጭራሽ የሌለው ዘንግ ሲሆን ደግሞ፣ በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ስክሪን ላይ እንደሚታየው፣ መስመሩ አንድ በመቶ ወጣ ወይስ አንድ ሺህ በመቶ ለማወቅ መንገድ የለም። ከእንዲህ ዓይነቱ ግራፍ ሊነበብ የሚችለው መስመሩ የት እንደወጣ፣ የት እንደወረደና ዘንጉ እኩል የተከፈለ ነው ብለን ከተቀበልን የትኛው ዳገት ከየትኛው እንደሚበልጥ ብቻ ነው።